በውሃው ወይስ በዙሪያው?

ጀሞም ይኑር ሳሪስ፣ ለቡም ይኑር ሐና ማርያም፣ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰው ስለ ጀልባ የሚጨነቅበት ምክንያት የለውም። ትንሹ አቃቂ ክረምት ላይ ደፍርሶ ቢያጓራም የምንሻገረው በድልድይ ነው፤ እኛን የሚያስጨንቀን የጀርመን አደባባይ መጨናነቅና የታክሲ ሰልፍ ነው። ግን ሰፈራችን የሁሉም አገር ሰው የሚኖርበት ነውና ቡና ላይ ከተቀመጡት መካከል አንዱ ጎጃሜ፣ አንዱ የጎንደር ሰው፣ አንዱ ወሎዬ መሆኑ አይቀርም። ሰሞኑን ታዲያ አንድ የጎርጎራ ልጅ የሆነ ጎረቤታችን አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ። ወላጆቹ እዚያው ጎርጎራ ናቸው፣ እህቱ ደግሞ ባሕር ዳር ናት። አገር ቤት ሊሄድ አስቧል። «ባሕር ዳር ድረስስ ደረስኩ እንበል፤ ከዚያ ወዲያ በመርከቡ ልሂድ ወይስ በጎንደር ልዙር?» አለ።

ቤቱ ወዲያው ሁለት ጎራ ሆነ። ካርታ አይቶ የሚፈርደው ወገን በጀልባ አለ። እውነት ነው፣ ካርታ ላይ ባሕር ዳር ከጣና ደቡብ ጫፍ፣ ጎርጎራ ከሰሜን ጫፍ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ውሃ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ቀጥታ ቢሰመር ከ70 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በመኪና ግን ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ዞሮ በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራንዝ፣ በማክሰኚት አድርጎ አዘዞ መድረስ፣ ከአዘዞ ደግሞ በቆላ ድባ ተመልሶ ወደ ሐይቁ መውረድ ግድ ነው። ተደማምሮ ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በኪሎ ሜትር ከሆነማ ፍርዱ አልቋል፤ ዙሪያው ሦስት እጥፍ ነው።

እኔ ግን በዙሪያው አልኩ። ለምን እንዳልኩ ላስረዳ፤ እናንተም ቡናችሁን ያዙ።

መጀመሪያ ነገር፣ መርከቡ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የጣና መርከብ ከአንድ ከተማ ተነስቶ ሌላ ከተማ የሚያወርድ አውቶቡስ ሳይሆን በየደጃፉ የሚቆም ነው። ለብዙ ዓመታት የነበረው ልማድ እንዲህ ነው፦ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር ይነሳል። ዘጌ ይቆማል። ደቅ ደሴት ይቆማል። ወደ ምዕራብ ታጥፎ ቁንዝላ ይደርስና እዚያ ያድራል። ሰኞ ወደ ሰሜን ቀጥሎ ደልጊን ነክቶ ከሰዓት በኋላ ጎርጎራ ይገባል። ሐሙስ ከጎርጎራ ተነስቶ በመጣበት ተመልሶ አርብ ባሕር ዳር ይደርሳል። መስመሩ የሐይቁን ምዕራባዊ ዳር እየታከከ ስለሚሄድ 70 ኪሎ ሜትር የተባለው ከ100 በላይ ይሆናል።

ፍጥነቱንም አስቡት። እንዲህ ያለ ጭነት የሚይዝ አሮጌ መርከብ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ከሄደ መልካም ነው። በዚህ ሂሳብ የትም ሳይቆም፣ ንፋስ ሳይገፋው፣ በቀጥታው መስመር እንኳ ቢሄድ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ዙሪያውን የሚሄደው ሚኒባስ ደግሞ መንገዱ ክፍት ከሆነ ከባሕር ዳር አዘዞ በሦስት ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ ከአዘዞ ጎርጎራ መኪና ፍለጋውን ጨምሮ ግማሽ ቀን ብንመድብለት እንኳ ጠዋት የተነሳ ሰው ጀምበር ሳትጠልቅ ከእናቱ ቤት ይገባል። በመርከቡ የሄደው በዚያ ሰዓት ገና ቁንዝላ አልጋ እየፈለገ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ ጥበቃው ነው። መርከቡ በሳምንት አንድ ጊዜ ነው የሚነሳው። ሰው ጀልባንና መንገድን ሲያነጻጽር የጉዞውን ሰዓት እንጂ የጥበቃውን ቀን አይቆጥርም፤ ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከሌሊቱ ተነስቶ አንድ ሙሉ ቀን ነው። የእሁዱን መርከብ ለመያዝ ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር መግባት አለባችሁ። አውቶቡሱ ፍቼ ላይ ጎማ ቢቀይር ችግር የለውም፣ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ቢያዘግምም ይደርሳል። ደጀን ላይ ተበላሽቶ ቢያድር ግን መርከቡ አይጠብቃችሁም፤ ሳምንት ሙሉ የእህት እንግዳ ትሆናላችሁ። ቀን ሳይመርጥ በዘፈቀደ ባሕር ዳር የሚደርስ ሰው በአማካይ ሦስት ቀን ተኩል ይጠብቃል። በመንገድ የሚሄድ ሰው የዛሬው ሚኒባስ ቢያመልጠው ነገ ጠዋት ሌላ አለ።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የጎንደርን አውቶቡስ የያዘ ሰው ባሕር ዳር ላይ መውረድ እንኳ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ጎንደር ከመግባቱ በፊት በአዘዞ ያልፋል። ጎንደር መናኸሪያ ድረስ ሄዶ 12 ኪሎ ሜትር መመለስ ከንቱ ድካም ነው። ለረዳቱ አስቀድሞ «አዘዞ ወራጅ ነኝ» ማለትና ዕቃን ከታች እንዳይቀበር በር አካባቢ ማስጫን ነው። የጎርጎራ መኪና ከዚያው ይገኛል።

«እንዲያ ከሆነ መርከቡ ለምን ተፈጠረ?» አሉ ቡናውን የሚያፈሉልን እትዬ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የጨዋታው ዋና ቁምነገር ይመስለኛል። መርከቡ የጎርጎራና የባሕር ዳር ሰው መርከብ አይደለም። በመካከል ያሉት ሰዎች መርከብ ነው።

ደቅን ውሰዱ። ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ነው፤ አርሶ አደር የሚኖርበት፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ያለችበት። ለደቅ ሰው «በጀልባ ወይስ በመንገድ» የሚባል ምርጫ የለም። እህል ሲሸጥ በጀልባ፣ ሲታመም በጀልባ፣ ጨው ሲያልቅበት በጀልባ ነው። ቁንዝላና ደልጊ መሬት ላይ ያሉ ከተሞች ስለሆኑ መንገድ አላቸው፤ ቁንዝላ በዱርቤቴ በኩል ከባሕር ዳር ትገናኛለች። ግን ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር መኪና ይውጣል። ያኔ ውሃው ከመንገዱ የተሻለ መንገድ ይሆናል፤ ጭቃ የለው፣ ጎርፍ የሚወስደው ድልድይ የለው።

ዘጌ ላይ ስንደርስ ደግሞ ክርክሩ እኩል ለእኩል ነው። ዘጌ ልሳነ ምድር ስለሆነ በመኪናም ይገባበታል፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላ የጠጠር መንገድ አለው። በሞተር ጀልባ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የዘጌ ሰው ከጥንት ጀምሮ አያርስም፣ ከብትም አያረባም፤ አባ በትረ ማርያም ያቆሙት ሥርዓት ነው ይባላል። የሚኖረው ከደኑ ውስጥ በሚለቅመው ቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እህሉን ከገበያ መሸመት አለበት፤ ስለዚህ ቡና ይዞ ይመጣል፣ ጤፍና በቆሎ ይዞ ይመለሳል። ሁለት ኩንታል የያዘ ሰው ከመናኸሪያ መናኸሪያ ከመንገላታት ጭነቱን አንዴ ጀልባ ላይ ጥሎ ደጁ ላይ ቢያራግፍ ይመርጣል። ባዶ እጁን የሚሄድ ተማሪ ግን ያገኘው ላይ ይሳፈራል።

ጭነት ያልኩት በከንቱ አይደለም። መርከቡ ሲጫን ላየ ሰው ነገሩ ወለል ብሎ ይታየዋል። ሰዎቹ ለመሄድ የመጡ አይመስሉም፤ ቤታቸውን ሊያጓጉዙ እንጂ። እግራቸው የታሰሩ ዶሮዎች ሦስት ሦስት ሆነው አንድ ጥግ ይንጫጫሉ። የቢራ ሳጥን በቢራ ሳጥን ላይ ይደረደራል፣ ስኳርና ጨው በኬሻ፣ ዘይት በጄሪካን፣ ፍራሽ በገመድ ተጠፍሮ፣ ቆርቆሮ በእስር። አንዲት ሴት ብረት ምጣዷን ከጉልበቷ ላይ አታወርድም፤ ይሰበራል ብላ ሳይሆን ተሳፋሪው ሁሉ እንዳይቀመጥበት። ሲጫን አንድ ሰዓት፣ በየደጃፉ ሲራገፍ ሌላ አንድ ሰዓት። ያንን ሁሉ ዕቃ በመንገድ የሚወስድ ሰው ሚኒባስ ጣራ ላይ ያስጭናል፣ አዘዞ ያስወርዳል፣ ተሸካሚ ይጠራል፣ እንደገና ያስጭናል፣ በእያንዳንዱ ጊዜም ይከፍላል። የመርከብ ርካሽነቱ ከቲኬቱ ይልቅ ከዚህ ነው፤ ዕቃ አንዴ ይጫናል፣ አንዴ ይወርዳል።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ። ጣና ሰፊ ነው ግን ጥልቅ አይደለም። ከዳር ዳር 60ና 80 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ሆኖ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ በንፋስ ሲመታ የሚያነሳው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመጣል፣ ትንሽ ጀልባን ፋታ አይሰጥም። የጣና ጀልበኞች ጠዋት የሚወዱት ለዚህ ነው። ሌሊቱን ሐይቁ ይረጋል፤ ማለዳ መስተዋት ይመስላል። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውሃው ቶሎ ይሞቃል፣ ሞቃቱ አየር ሽቅብ ሲነሳ ቀዝቃዛው ከሐይቁ ላይ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይበረታል። ስለዚህ አንድ የጀልባ ባለቤት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ «እንሂድ» ካለ እሰዬው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ፣ ሲሞላ እንነሳለን» ካለ ግን የሚቀርበት አንድ ሰው እናንተ ብትሆኑ ይሻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ደግሞ የከሰዓት ዝናብ ከነጎድጓዱ ጋር ድንገት ይደርሳል።

ታንኳውን አትርሱ። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ የጣና ጥንታዊ መሻገሪያ ነው፤ በአሠራሩም በተለይ ወይጦዎች የታወቁ ናቸው። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ላይ መቆም አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፣ ሲበሰብስ አዲስ ይታሰራል። ለአጭር መሻገሪያና ለዓሣ የሚተካከለው የለም። ሐይቁን ከዳር ዳር ለማቋረጥ ግን ማንም ጤነኛ ታንኳ ቀዛፊ አይነሳም፤ እሱ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው። ከሁሉም በላይ ጣናን የሚያውቅ ሰው መሐሉን መሸሹ ራሱ አንድ ምክር ነው።

ውሃው ራሱ አንዳንዴ ይጎድላል። የጣና ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1785 ሜትር አካባቢ ሲሆን በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል ይወርዳል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ውሃ ለመመጠን። ከዚያ በኋላ የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ዝናቡ ብቻ መሆኑ ቀረ። ዝናብ በጎደለበት ጊዜ ለመብራት ብዙ ውሃ ተለቅቆ በ1995 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሐይቁ ከዚያ በፊት ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ፤ ትልልቆቹ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ አቃታቸው። ወደ ወደቡ የሚያስገባው ውሃ ቀጥኖ ሆዳቸው መሬት ይነካ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ከምዕራቡ ዳር በዋሻ ውሃ እየሳበ ወደ በለስ ይሰዳል። እንግዲህ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ በመርከብ የሚሄድ ሰው ንፋሱን ብቻ ሳይሆን ውሃው ስንት እንደደረሰም መጠየቅ አለበት። ወደቡ ላይ ያሉት ድንጋዮች ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ውሃው ሞልቶ በነበረ ጊዜ የቀረው ነጣ ያለ መስመር ከአሁኑ ውሃ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ዓይታችሁ መገመት ትችላላችሁ።

እምቦጭም አለ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ምሥራቁ ዳር መታየቱ ከታወቀ ወዲህ የደንቢያንና የጎርጎራን አካባቢ ክፉኛ አስቸግሯል። ንፋስ ሲገፋው ተንሳፋፊ ሜዳ ሆኖ ወደብ ይዘጋል፤ ትንሽ ሞተር ጀልባ ሲገባበት ሥሩ በመዘውሩ ላይ ይጠመጠማል። ሞተሩ ድምፁ ወፍሮ እያቃሰተ ፍጥነቱ ሲቀንስ ባለ ጀልባው አጥፍቶ ጎንበስ ብሎ በእጁና በቢላዋ ይፈታዋል። ከሐይቁ መሐል እንዲህ ሲቆም ጀልባው ለማዕበሉ ጎኑን ሰጥቶ ይወዛወዛል፤ ያንን ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፣ መነሳትና ማየት አያስፈልግም።

ስለ መነሳት ካነሳን፣ የጀልባ አደጋ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከማዕበል ሳይሆን ከሰው ብዛት ነው። ታንዛኒያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ሁለት ጊዜ መራራውን ቀምሳለች። በ1988 ዓ.ም. ቡኮባ የተባለችው መርከብ ሙዋንዛ ልትደርስ ስትል ከልክ በላይ ጭና ተገለበጠች፤ ብዙ መቶ ሰው አለቀ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ኔሬሬ የተባለችው መቶ ያህል ሰው እንድትይዝ የተሠራች ጀልባ ከእጥፍ በላይ ጭና ከኡካራ ደሴት ዳር ልትደርስ ስትል ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰው ሞተ። ሁለቱም ለመድረስ የተቃረቡ ነበሩ። አደገኛው ሰዓት ይህ ነው፤ ወደቡ ሲታይ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ ለመውረድ ወደ አንድ ጎን ይነሳል፣ የተጫነው ጀልባም ያንን ክብደት መመለስ አይችልም። ስለዚህ ጀልባ ከመግባታችሁ በፊት ከዳር ቆማችሁ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ከጀልባው ከንፈር እስከ ውሃው ያለው ርቀት ስንት ነው? ባዶ ሳለ ክንድ ሙሉ የነበረው ሲጫን ስንዝር ከሆነ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ላይፍ ጃኬቱ የት ነው? ከሹፌሩ ወንበር ሥር ተቆልፎ የተቀመጠ ጃኬት እንደሌለ ነው። ስትደርሱ ደግሞ ጀልባው እስኪታሰር ቁጭ በሉ፤ ቤታችሁ አይሸሽም።

ይህን ሁሉ ስል መንገዱን ያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። ዙሪያው መንገድም የራሱ ውሃ አለው። በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚተኙበት ነው፤ ሩዝ የሚበቅልበትን ማሳ ጎርፉ ሲያጥለቀልቀው መንገዱ በሁለት ውሃ መካከል የተዘረጋ ገመድ ይመስላል። ባሕር ዳር ላይ ዓባይን የሚያሻግረው አሮጌው ድልድይ ለአሥርት ዓመታት ብቻውን ያንን ሁሉ መኪና ተሸክሞ ኖሯል፤ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሳ ሌላው ሒሳብ ሁሉ የሚመጣው ከአንድ ጥያቄ በኋላ ነው፦ «መንገዱ ክፍት ነው?» ይህን ካርታም ጋዜጣም አይመልሰውም፤ የትናንትናውን የሚያውቀው መናኸሪያ ያለ ሰው ነው። መርከቡም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከላይ የነገርኳችሁ የእሁድና የሐሙስ ፕሮግራም የሰላሙ ጊዜ ልማድ ነው፤ አሁን ከመነሳት በፊት ደውሎ ማረጋገጥ ግድ ነው።

በዚህ መሐል አንድ የማይረሳ ነገር ተከሰተ። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት የተባለች ትልቅ መርከብ ለጣና ተገዝታ ከጅቡቲ ጉዞ ጀመረች። ከባሕር ወደ ጣና መርከብ የሚያስገባ የውሃ መንገድ የለምና በምን መጣች? በመኪና! በከባድ ተጎታች ተጭና፣ መንገድ እየሰፋላት፣ ኤሌክትሪክ ሽቦ እየተነሳላት፣ ወራት ፈጅታ። በየከተማው ሰው ወጥቶ አይቷታል። ጀልባና መንገድ ሲወዳደሩ ጀልባዋ ራሷ መንገዱን መረጠች ብዬ ስቀልድ ጎረቤቴ ሳቀ፤ «ምርጫ ኖሯት ነው?» አለ። ልክ ነው፣ እንደ ደቅ ሰው።

እንግዲህ ለጎረቤቴ ሒሳቡን እንዲህ አስቀመጥንለት። ሲሄድ የሚይዘው አንድ ሻንጣና ለእናቱ የገዛት ጋቢ ነው። ዕረፍቱ ሁለት ሳምንት ነው። የሚሄድበት ቀን በበዓል የተወሰነ ስለሆነ እሁድን መጠበቅ አይችልም። ስለዚህ የጎንደሩን አውቶቡስ ይዞ አዘዞ ወርዶ ይደር፤ ንጋት ላይ የጎርጎራን መኪና ከያዘ ምሳውን እናቱ ቤት ይበላል።

ሲመለስ ግን ነገሩ ተለወጠ። «እህቴ ልጅ ልትድር ነው፤ አባቴ አራት ኩንታል ጤፍና አንድ ኩንታል ሽምብራ አዘጋጅቷል» አለ። ይህ እኛ ሳንጠይቀው የደበቀብን ዋናው ወሬ ነው! አምስት ኩንታል ከጎርጎራ ባሕር ዳር። በመንገድ ቢሆን ከጎርጎራ አዘዞ በአንድ መኪና፣ ከአዘዞ ባሕር ዳር በሌላ፣ ከባሕር ዳር መናኸሪያ እህቱ ቤት በሌላ፤ ሦስት ጊዜ መጫን፣ ሦስት ጊዜ ማራገፍ፣ በየመሐሉ ኬሻ ሲቀደድ መልቀም። በመርከቡ ከሆነ ሐሙስ ጎርጎራ ወደብ ላይ ይጭናል፣ አርብ ባሕር ዳር ወደብ ላይ ያራግፋል፣ አንድ ጋሪ ወይም አንድ ባጃጅ ብቻ ይቀረዋል። ቀኑም ይገጥማል፤ አርብ ማታ እህቱ ጋ ያድራል፣ ቅዳሜ ሌሊት አውቶቡስ ይይዛል፣ ቅዳሜ ማታ ጀሞ ነው፣ እሁድ ያርፋል፣ ሰኞ ሥራ ይገባል። ጤፉን ብቻውን መላክ ግን አይሆንም። ቁንዝላ ላይ ስለሚታደር ከጭነቱ አጠገብ የሚተኛ ባለቤት ያስፈልጋል፤ ኬሻ ሁሉ አንድ ስለሚመስል ደግሞ እያንዳንዱ ላይ ቀይ ክር ይሰፋበት፣ ከሥሩም ከመርከቡ ወለል እርጥበት እንዳይነካው ቆርቆሮ ወይም እንጨት ይደረግለት።

«ቁንዝላ ብርድ አለ?» አለ። ውሃ ዳር ነው፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ትንኝም አይጠፋም። የእናቱን ጋቢ መልሶ ይዞት እንዲመጣ እትዬ መከሩት፤ እሱ ግን የሰጠውን መልሶ መውሰድ አላማረውም፣ ሌላ ሊገዛ ወሰነ። ሐሙስ የሚነሳ መርከብ መኖሩን የሚያረጋግጥለትን የጎርጎራ ወደብ ሰው ቁጥር እየፈለገ ስልኩን ሲያገላብጥ ሁለተኛው ቡና ተቀዳ።